ጀግኖቹና ዜሮዎቹ

በፈረንሳይኛ ጀግኖችን ከዜሮዎች የሚለያቸው አንዲት የ«ዝ» ድምፅ ናት። «ጀግኖቹ» ለማለት «ሌ ኤሮ» ይባላል፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ምላስ ጥቂት ከፈት ብሎ ያልፋል። ተናጋሪው ያችን ክፍተት ረስቶ «ሌዜሮ» ያለ እንደ ሆነ ግን ጀግኖቹ ባዶ ቁጥር ሆነው ይቀራሉ፤ «ዜሮዎቹ» ብሏልና። አስቡት፤ አንድ ባለ ሥልጣን በመታሰቢያ ሐውልት ፊት ቆሞ ለሀገራቸው የወደቁትን ዜሮዎች በክብር ሲያወድስ። የሚያስገርመው ደግሞ ሴቶቹ ጀግኖች ከዚህ አደጋ ነጻ መሆናቸው ነው። እነርሱ «ሌዜሮኢን» ናቸው፤ «ዝ»ዋ በግድ ትሰማለች፤ ባትሰማ ነው ስሕተቱ። አባትና ልጅ ከሆኑ ሁለት ቃላት አንዱ ይከለክላል፣ ሌላው ያስገድዳል።

ፈረንሳይኛን በልጅነቴ ተምሬ አሁን ደግሞ ምሽት ምሽት ለጥቂት ተማሪዎች የማስተምር ሰው ነኝ። ተማሪዎቼን ከግሱ እርባታ ይልቅ የሚያሳስባቸው ይኸው ነገር ነው፤ ሲጻፍ የሚታይ፣ ሲነገር አንዳንዴ የሚሰማ፣ አንዳንዴ የማይሰማ ፊደል። ፈረንሳዮች «ሊዬዞን» ይሉታል፤ ማያያዝ ማለት ነው። ወንድሙ ደግሞ «አንሼንማን» ይባላል፤ ስሙ ከሰንሰለት የመጣ ስለ ሆነ «ማሰንሰል» ብንለው አንስትም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ሁለቱን ለመለየት ግን የኛ ፊደል ከፈረንሳዮቹ ፊደል ይልቅ የተመቸ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከማሰንሰል እንጀምር። «አቬክ» ማለት «ጋራ» ነው፤ «ኤል» ማለት «እርሷ»። «ከእርሷ ጋራ» ሲባል ግን ማንም ፈረንሳዊ «አቬክ ኤል» አይልም፤ «አቬኬል» ይላል። ልብ በሉ፤ ሳድስ የነበረው «ክ» የሚቀጥለውን ቃል አናባቢ ተቀብሎ ኃምሱ «ኬ» ሆነ። «ኢል አሪቭ» (ይመጣል) «ኢላሪቭ» ይሆናል፤ ሳድሱ «ል» ራብዕ ሆነ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ምንም ለውጥ አይታይም፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን የተደረገው ነገር ዓይን ላይ ይወድቃል። ማሰንሰል ይኸው ብቻ ነው፤ ዱሮም ሲሰማ የነበረ ተነባቢ በትንፋሽ መካከል አናባቢ ካገኘ ወደዚያ ይሻገራል። ተናጋሪው ካላረፈ በቀር እንዲህ ያለው መሻገር የንግግሩ የዘወትር ልማድ ነው፤ እንደ ሊዬዞን ግዴታና ክልክል ተብሎ በዝርዝር አልተከፋፈለም። እኛም «የአገር ልጅ» ብለን ጽፈን «ያገር ልጅ» ብለን ስናነብ ከዚሁ ቤተ ዘመድ ነን።

ሊዬዞን ግን ሌላ ነው። እዚህ የሚሻገረው ተነባቢ ቃሉ ብቻውን ሲነገር ጨርሶ የማይሰማ ነው። «ሌ» የተባለው መስተአምር መጨረሻው ላይ «ኤስ» የሚባል ፊደል አለው፤ ግን ማንም አያነበውም። «አሚ» (ጓደኛ) ከፊቱ ሲመጣ ግን ያ የሞተ ፊደል «ዝ» ሆኖ ይነሣና «ሌዛሚ» ይባላል። (ፊደላችን የፈረንሳይኛን የአፍንጫ አናባቢ የሚጽፍበት ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ «ን»ን በአንዳንድ ቦታ የምጽፈው በአፍንጫ እንዲነበብ ነው እንጂ ምላስ ጥርስን እንዲነካ አይደለም።)

የሞተው ፊደል ከየት መጣ ቢሉ፣ በቀድሞው ፈረንሳይኛ እነዚህ የመጨረሻ ተነባቢዎች ሁሉ ይነገሩ ነበር። በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ መጀመሪያ ተነባቢ ሲከተላቸው ጠፉ፤ ከዚያም ተናጋሪው በሚያርፍበት ቦታ ጠፉ፤ አናባቢ በሚከተላቸው ቦታ ግን በከፊል ተረፉ። ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ በሆዱ ይዞ የሚኖር አንድ ቃል አለ፤ ቁጥር 6። ብቻውን ሲጠራ «ሲስ» ነው። «ስድስት መጻሕፍት» ሲባል «ሲ ሊቭር» ነው፤ ተነባቢ ስለ ተከተለው ጨርሶ ዝም አለ። «ስድስት ዓመት» ሲባል ደግሞ «ሲዛን» ነው። አንድ ቃል፣ ሦስት ዘመን።

እንግዲህ ጥያቄው የትኛው ሙት ይነሣል፣ የትኛውስ ተኝቶ ይቀራል የሚለው ነው። ፒየር ዴላትር የተባለው የድምፅ ሊቅ በ1947 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩን ግዴታ፣ ምርጫና ክልክል ብሎ በሦስት ከፍሎ ዘረዘረው። ከዚያ ወዲህ የወጣ የሰዋስው መጽሐፍ ሁሉ ያንኑ ሦስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ይዞ ይመጣል። ተማሪዎቼ ሰንጠረዡን ይሸመድዱታል፤ በማግስቱም ይረሱታል። እኔ ሰንጠረዡን አልወደውም። ከሰንጠረዡ በስተ ጀርባ ያለው ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ እርሱን የያዘ ሰው ዝርዝሩን ከሞላ ጎደል ራሱ ሊያወጣው ይችላል።

ሐሳቡ ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ብቻውን መቆም ይችላል ወይ? «ሌ» ብቻውን ምንም አይደለም። «ምን አየህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ሌ» ብሎ ሊመልስ አይችልም። «ሜ» (የእኔ፣ ለብዙ)፣ «ኢል» (እነርሱ)፣ «ኧን» (አንድ)፣ «አን» (በ፣ ውስጥ) ሁሉም እንዲሁ ናቸው፤ የሚደገፉበት ስም ወይም ግስ ይፈልጋሉ። በኛ ቋንቋ የእነርሱ አቻዎች «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ስለ» ናቸው፤ እኛ ግን ከሚቀጥለው ቃል ጋር አጣብቀን ስለምንጽፋቸው ጥገኝነታቸውን ማስተማር አያስፈልገንም። ፈረንሳዮች ለያይተው ይጽፏቸዋል፤ ምላሳቸው ግን አጣብቆ ይናገራቸዋል። ግዴታ የሚባለው ሊዬዞን ከሞላ ጎደል ይህ ብቻ ነው። አያቶቻችን ይህን ያለ ሰዋስው መጽሐፍ በጆሯቸው ለይተውታል። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ይሉት ነበር፤ «ላ» መስተአምሩ፣ «ጋር» ጣቢያው። የሰፈሩ ሰው ሁለት ቃል አልሰማም፤ አንድ ሰማና «ለገሀር» አለ። ጆሮው አላሳሳተውም፤ «ላ» ብቻውን የሚቆም ቃል አልነበረምና።

የማጣበቁ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ኢልዞን» ማለት «አላቸው» ነው፤ «ኢልሶን» ማለት «ናቸው»። መጀመሪያው «ኢል» ከተባለው ተውላጠ ስም በተነሣ «ዝ» የተያያዘ ነው፤ ሁለተኛው የራሱ «ስ» ያለው ሌላ ግስ ነው። «ዝ»ዋን ያላላ ሰው ሀብታሞቹን ሀብታቸውን ወስዶባቸው መኖራቸውን ብቻ ይተውላቸዋል።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልምጣ። «ሳቫን» የሚለው ቃል በፈረንሳይኛ ቅጽልም ነው፣ ስምም ነው፤ «የተማረ» ወይም «ሊቅ»። «አቨግል»ም እንዲሁ፤ «ዓይነ ስውር» ሆኖ ቅጽል ወይም ስም ይሆናል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተጽፈው ሲገኙ፣ «አንድ ሳቫን አቨግል» የሚለው ጽሑፍ ማን እንደ ሆነ ዓይን ሊወስን አይችልም። ጆሮ ግን ይወስናል። «ኧን ሳቫንታቨግል» ከተባለ፣ «ት» ተነሥታለችና «ሳቫን» ቅጽል ነው፤ ሰውየው ዓይነ ስውር ነው፣ ደግሞም የተማረ ነው። «ኧን ሳቫን አቨግል» ተብሎ «ት» ዝም ካለች ግን «ሳቫን» ስም ነው፤ ሰውየው ሊቅ ነው፣ ዓይኑ ደግሞ አያይም።

ምክንያቱ ከላይ ያልነው ነው። ከስም በፊት የሚመጣ ቅጽል ስሙን ተደግፎ ይቆማል፤ ስለዚህ ይያያዛል። ነጠላ ስም ግን የራሱ ቤት ያለው ባለቤት ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን ተሸክሞ ይቆማል። ከኋላው የሚመጣው ቅጽል እንግዳ ነው እንጂ ቤተሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ሊዬዞን ክልክል ነው። በቤተ ክህነት የግእዝ ንባብ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። «ቤት» ብቻውን «ቤት» ነው፤ ባለቤት ሲከተለው ግን «ቤተ መጻሕፍት»፣ «ቤተ መንግሥት» ይሆናል። ሳድሱ ወደ ግእዝ የሚለወጠው ቃሉ ሌላውን ተናብቦ ስለ ቆመ ነው። የፈረንሳይኛዋ «ት»ም የመናበብ ምልክት ናት። ልዩነቱ የእኛው ሲጻፍ መታየቱ፣ የእነርሱ መሰማቱ ብቻ ነው።

ይህ ምሳሌ ግን ገደብ አለው። ሊቃውንቱ ብዙ የሆኑ እንደ ሆነ ፈተናው ይፈርሳል። በብዙ ቁጥር ስምም ቢሆን «ዝ» እንዲያነሣ ይፈቀድለታልና «ዴ ሳቫንዛቨግል» የሚለው ንግግር ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹን ሊቃውንት ለመለየት ወደ ዐውዱ መመለስ ግድ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ፈረንሳይ ሀገር ለሚሰጥ የነጻ ትምህርት ዕድል በፈረንሳይኛ የቃል ፈተና ልትቀርብ ነበር። ጎበዝ ናት፤ ጉብዝናዋ ግን ችግር ሆነባት። ሊዬዞን የተማረ ሰው ምልክት ነው ብሎ አንድ ሰው ነግሯት ኖሮ፣ ያገኘችውን የሞተ ፊደል ሁሉ ታስነሣ ጀመር። አንድ ዐረፍተ ነገር ሠርቼ ሰጠኋት፤ «ጓደኞቼና አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አንድ ሰዓት ጠበቁ።» በፈረንሳይኛ ቃላቱ ተለያይተው ሲነገሩ «ሜ፣ አሚ፣ ኤ፣ ኧን፣ ኤትዩዲያን፣ ኤትዮፒየን፣ ኦን፣ አታንድዩ፣ ዩን፣ ኧር» ናቸው። እርሷ ስታነበው በየመጋጠሚያው አንዳች ድምፅ ጣልቃ እያስገባች እንደ ስፌት መኪና ወረደችበት።

አብረን ከመጀመሪያው ጀመርን። «ሜ» ጥገኛ ነው፤ ስለዚህ «ሜዛሚ»፤ ግዴታ። «አሚ» ስም ነው፤ ብዙ ቁጥር ስለ ሆነ ከ«ኤ» ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ በተራ ንግግር ግን ማንም አያያይዝም፤ ተይው አልኋት። «ኤ» ማለት «እና» ነው፤ ሲጻፍ «ቴ» የሚባል ፊደል መጨረሻው ላይ አለ፤ ግን ይህች «ቴ» በምንም ሁኔታ አትነሣም፤ «ኤ ኧን» ብቻ፤ ክልክል።

«ጋሼ፣ ታዲያ ‹ኤ›ም እኮ ብቻውን አይቆምም» አለችኝ።

ያላለፈችበት ነገር የለም! እውነቷን ነው፤ «ኤ» ደንቡን ይጥሳል። ምክንያቱ የታሪክ ነው፤ የዚህ ቃል «ቴ» የላቲኑን አጻጻፍ ለማስታወስ በብዕር የቆየች እንጂ በፈረንሳዮች ምላስ ላይ ከጠፋች እጅግ የቆየች ናት። ከሌሎቹ ሙታን በፊት ስለ ሞተች ከእነርሱ ጋር አትነሣም። ይህን አንዱን ብቻ በቃል መያዝ ነው።

ቀጠልን። «ኧን» ጥገኛ፤ «ኧኔትዩዲያን»፤ ግዴታ። «ኤትዩዲያን» (ተማሪ) ነጠላ ስም፤ መጨረሻው ላይ «ቴ» አለው፤ ከኋላው «ኤትዮፒየን» የሚል ቅጽል መጣ፤ ይህ የሊቁ ጉዳይ ነው፤ ክልክል። ከ«ኤትዮፒየን» ወደ «ኦን»፣ ከባለቤቱ ወደ ግሱ መሻገሪያው ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ለሁለት የሚከፈልበት ትልቁ ስፌት እዚህ ስለ ሆነ ይህም ክልክል። «ኦን» ረዳት ግስ ነው፤ ከ«አታንድዩ» ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ምርጫ። «አታንድዩ» እና «ዩን» አናባቢና አናባቢ ናቸው፤ የሚነሣ የለም። «ዩን ኧር» ግን «ዩነር» ነው፤ «ን» ዱሮም የምትሰማ ስለ ሆነች ይህ ሊዬዞን ሳይሆን ማሰንሰል ነው። ከዘጠኙ መጋጠሚያ ሊዬዞን ግዴታ የሆነው በሁለቱ ብቻ መሆኑን ስታይ ዝም አለች።

በተከለከለ ቦታ ማያያዝ፣ ወይም የሌለ ፊደል ማስነሣት፣ በፈረንሳዮች ዘንድ ስም ወጥቶለታል። ያለ ቦታው የገባ «ዝ» «ቬሉር» ይባላል፤ ከፋይ ማለት ነው። ያለ ቦታው የገባ «ት» ደግሞ «ኩዊር»፣ ቆዳ። አንዱ ይለሰልሳል፣ ሌላው ይሻክራል። የጅምላ ስማቸው «ፓታኬስ» ነው። ስለ ስሙ አመጣጥ የሚነገር ጨዋታ አለ፤ አንድ ወጣት በቲያትር ቤት ወድቆ ያገኘውን ማራገቢያ ይዞ ሁለት እመቤቶችን «የእናንተ ነውን?» ቢላቸው፣ አንዷ በከፋይ፣ ሌላዋ በቆዳ «የኔ አይደለም» አሉት። እርሱም «የማን እንደ ሆነ አላውቅም» የሚለውን የእነርሱኑ ስሕተት አስመስሎ «ፓታኬስ» ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ጨዋታውን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበረው ሰዋስው አዋቂ ዶሜርግ እንደ ተረከው ይነገራል፤ እውነት ይሁን አይሁን፣ የሚሳለቀው በማን ላይ እንደ ሆነ ልብ ይሏል። ያልተማሩ ሰዎች ላይ አይደለም፤ እንደ ተማረ ሰው ለመናገር በሚጣጣሩት ላይ ነው።

ግን ስሕተት ሁሉ ስሕተት ሆኖ አይቀርም። «አለው ወይ?» ለማለት ፈረንሳዮች «አቲል» ይላሉ። «አ» የሚለው ግስ ግን «ት» የለውም፤ ከሌሎች ግሶች የተበደራት ናት፤ ዛሬ ግን ያለርሷ የሚናገር ሰው ነው የሚሳሳተው። «ዓይኖቹ» ማለት «ሌዝዩ» ስለ ሆነ ያች «ዝ» ከዓይን ላይ ተጣብቃ ቀርታ «ዝዩቴ» የሚል ግስ ወልዳለች፤ ማየት፣ ማፍጠጥ ማለት ነው። ሕፃናቱማ «ዝሆን» የሚባለውን «ኤሌፋን» አንዳንዴ «ዜሌፋን»፣ አንዳንዴ «ኔሌፋን» ይሉታል፤ ቃሉ የት እንደሚጀምር ሰምተው ሊያውቁ አይችሉምና። ለገሀር ያሉት አያቶቻችን ብቻ አይደሉም።

አሁንም አንዳንድ በር ተዘግቶ ይኖራል። ወደ ጀግኖቹ ስንመለስ፣ «ኤሮ» የሚጻፈው በ«አሽ» ፊደል ተጀምሮ ነው። «አሽ» በዛሬው ፈረንሳይኛ አትነበብም፤ ግን ሁለት ዓይነት ናት። አንደኛዋ እንደሌለች የምትቆጠር ናት፤ ሁለተኛዋ ድምፅ ሳይኖራት በር የምትዘጋ ናት። ሁለተኛይቱ ባብዛኛው ፍራንኮች ከተባሉት የጀርመን ወገን ጎሣዎች ቋንቋ በመጡ ቃላት ውስጥ ትገኛለች፤ በዱሮ ዘመን የእውነት ትንፋሽ ነበረች፤ ትንፋሹ ጠፍቶ በሩ እንደ ተዘጋ ቀረ። «ኤሮ» ግን ከላቲን የመጣ ነው፤ በሩ ሊዘጋበት አይገባም ነበር። ጀግኖቹ ከዜሮዎቹ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው የተዘጋው የሚለው የቆየ ማብራሪያ ነው፤ ሴቶቹ «ኤሮኢን» ስለሚባሉና የሚምታቱበት ስለሌለ በራቸው ክፍት ቀረ። ከፈረንሳይ አካዳሚም ዘንድ «ሌ አሪኮ» (ባቄላ መሰሉ ፎሶሊያ) «ሌዛሪኮ» እንዲባል ተፈቅዷል የሚል ወሬ ተሰምቶ ነበር። አካዳሚው ወሬው ሐሰት መሆኑን በጽሑፍ አስታውቋል። የፎሶሊያ ነገር እንዲህ ያስጨንቃል።

ተማሪዬ ግን ከሁሉ ይልቅ የጠየቀችኝ ስለ ምርጫው ነበር። «ኦን አታንድዩ» ወይስ «ኦንታታንድዩ»? «ሁለቱም ትክክል ከሆነ ፈታኞቹ ፊት የቱን ልበል?» መጽሐፉ «እንደ ፈቃድሽ» ይላል፤ ፈቃድ የሚባለው ነገር ግን እዚህ ላይ ንጹሕ ፈቃድ አይደለም። በጓዳና በመንገድ ላይ ብዙ ሰው አያያይዝም፤ በመድረክ ላይ የሚናገር ያያይዛል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዱራን፣ ላክስና ሊሽ የተባሉ ምሁራን በብዙ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች የሰዎችን ንግግር በመቅዳት ባደረጉት ጥናት፣ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ የሚያያይዘው መጽሐፎቹ ግዴታ ካሉት በጣም ያነሰ መሆኑ ታየ፤ መስተአምር ከስም፣ ተውላጠ ስም ከግስ፣ እነዚህንም የመሰሉ ጥቂቶች። የቀረው በሰውየውና በሚያናግረው ሰው መካከል የሚወሰን ነው።

ፒየር አንክሬቬ የተባለ ሌላ ሊቅ ደግሞ በ1988 ባወጣው መጽሐፍ የፖለቲካ ሰዎችን ንግግር አዳምጦ እንግዳ ነገር አገኘ። እነርሱ «ት»ን ያነሧታል፤ ግን አያሻግሯትም። «ኦንት» ብለው ይቆሙና «አታንድዩ» ይላሉ። በፊደላችን ስንጽፈው ጉዳዩ ወለል ይላል፤ «ኦንታታንድዩ» ላይ ሳድሱ «ት» «ታ» ሆኗል፤ በፖለቲከኛው አፍ ግን «ት» ሳድስ እንደ ሆነች ቀርታ «አ»ም ቦታዋን ይዛለች። ሊዬዞን ያለ ማሰንሰል። ይህን ከእናቱ አፍ የተማረ ሰው የለም፤ ከወረቀት የመጣ ነው፤ ሰውየው ፊደሉን እንደሚያውቅ ያሳያል፣ ቃሉን ግን ለሚቀጥለው ቃል አሳልፎ አይሰጥም።

«በንግግርሽ መካከል ስታስቢ ከሆነ ተይው፤ ያዘጋጀሽውን ስታነቢ ከሆነ አያይዢው» አልኋት። በራሷ ሐሳብ ላይ ሳለች «ት» ፍለጋ የምትሄድ ከሆነ ሐሳቡ ይጠፋባታልና። እርሷም እንደዚያው አደረገች።

ምርጫ የሚባለው ነገር ወደ ግዴታ የሚለወጥበት አንድ ቦታ አለ፤ ግጥም። ቦዋሎ በ1674 ስለ ግጥም ሥራ በጻፈው መጽሐፍ አናባቢ ከአናባቢ ጋር እንዳይላተም ያዘዘውን፣ ከእርሱ በፊትም ማሌርብ የነቀፈውን ግጭት፣ የዘመኑ ገጣሚዎች ሁሉ ይሸሹት ነበር። በብዙ ቁጥር ስም ጫፍ ላይ ያለችውን ፊደል ገጣሚው የሚያስቀምጣት ለዚህ ነው፤ አንባቢው ካላነሣት ገጣሚው የሸሸው ግጭት ተመልሶ ይመጣል። ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ። የፈረንሳይኛ ክላሲካል ግጥም ቀለም ይቆጥራል፤ የራሲን «ፌድር» (1677) በሙሉ በአሥራ ሁለት ቀለም ስንኝ የተጻፈ ነው፤ ከስድስተኛው ቀለም በኋላ ዕረፍት አለ። «ላ ሎንግ ኧር» (ረጅሟ ሰዓት) ሲነበብ «ላ፣ ሎን፣ ገር»፤ ሦስት ቀለም ነው። በብዙ ሲሆን «ሌ፣ ሎን፣ ገ፣ ዘር»፤ አራት። የሞተችው «ኤስ» «ዝ» ሆና ስትነሣ፣ ከፊቷ ያለችውን ደካማ አናባቢም አብራ ታስነሣለች፤ «ግ» ከሳድስነት ወጥቶ «ገ» ይሆናል። በመንገድ ላይ ያለ ሰው «ሌ ሎንገር» ብሎ በሦስት ቀለም ቢያልፈው ማንም አይወቅሰውም። በግጥም ውስጥ ግን አንድ ቀለም ጎደለ፤ ስንኙ አንከሰ፤ የኛ ሰው «ቤቱ አልመታም» እንደሚለው ያለ ነገር ነው።

ተማሪዬ ፈተናዋን ካለፈች በኋላም መምጣቷን አልተወችም፤ አሁን ግጥም እናነባለን። በቀደም ዕለት አንድ ስንኝ ስታነብ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፤ አሥራ አንድ መጣላት። ገጣሚው የተሳሳተ መሰላት። እኔ ምንም አላልሁም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ መጋጠሚያ መጋጠሚያውን እየዳሰሰች፤ አራተኛው ቃል ላይ ስትደርስ ብዙ ቁጥር የሆነ ቅጽል አገኘች፤ ከኋላው ስም፤ ስሙ በአናባቢ የሚጀምር። «ዝ» አለች፤ ጣቷን አጠፈች።